ምዕራፍ 6፦ ቀብድ የተቀበለ ገበሬ ምን ሸጠ?

ባለፈው ምዕራፍ የወደፊት ውልን ስናይ ሁለቱም ወገኖች እኩል ታስረው ነበር። ሻጩ ቀኑ ሲደርስ እህሉን ያቀርባል፣ ገዢው ገንዘቡን ይቆጥራል። ገበያው በመካከል ወጣም ወረደም ወደኋላ የሚል የለም። አሁን የምናየው ውል ግን አንዱን ብቻ ያስራል። ቀኑ ሲደርስ አንደኛው ወገን "ይቅርብኝ" ብሎ መሄድ ይችላል፤ ሌላኛው እሱ እስኪወስን ጠብቆ በውሳኔው ይገዛል። በዓለም ገበያ ይህ ውል ኦፕሽን ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው፤ የመግዛት መብት የሚሰጠው ኮል፣ የመሸጥ መብት የሚሰጠው ደግሞ ፑት ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኮል የገዢዎች፣ ፑት የሻጮች ይመስለዋል። ነገር ግን መብቱ ራሱ ዕቃ ነው፤ ይገዛል፣ ይሸጣል። የመግዛት መብትን የሚገዛ አለ፣ የሚሸጥም አለ። የመሸጥ መብትን የሚገዛ አለ፣ የሚሸጥም አለ። ስለዚህ የሰዎቹ ቁጥር ሁለት ሳይሆን አራት ነው። ከአራቱ ውስጥ ሁለቱ፣ ማለትም ኮል የሸጠውና ፑት የገዛው፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዋጋ መውረዱን ያሰቡ ሰዎች ይመስላሉ። የሚደርስባቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት ለማሳየት ሁላችንም ከምናውቀው ነገር፣ ከቀብድ፣ እነሳለሁ።

ካራቆሬ ላይ የሚሰጥ ቀብድ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ አጣዬን ሲያልፍ ካራቆሬን ያገኛል። በዚህ የይፋት ቆላ ከማሽላና ከጤፍ ጎን ለጎን ማሾ በብዛት ይዘራል። ማሾ ገበሬው ከጎተራ ከሚያኖረው ይልቅ ለገበያ የሚያወጣው እህል ነው። አብዛኛው ወደ ውጭ አገር ስለሚላክም ዋጋው በአካባቢው የምግብ ፍላጎት ብቻ አይወሰንም። እዚህ ዝናቡ ጥሩ ሆኖ አዝመራው ቢያምርም፣ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ እጁን ከሰበሰበ ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ላይ የዘራ ገበሬ ከክረምት በኋላ ስንት እንደሚሸጥ አያውቅም።

አንድ ገበሬና አንድ ነጋዴ በነሐሴ መጨረሻ ተገናኙ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኋቸው ናቸው፤ የየትኛውም ዓመት የገበያ ዋጋ አይደሉም። ማሾው ገና በአበባ ላይ ነው። ነጋዴው ለእያንዳንዱ ኩንታል 10,000 ብር ሊከፍል ይስማማል። ከዚህ ውስጥ 500 ብሩን ዛሬ በቀብድ ይሰጣል፤ ቀሪውን 9,500 ብር ጥቅምት 30 ቀን እህሉን ሲረከብ ሊከፍል ይዋዋላል።

ሁለቱም ማሾ የተሻሻጡ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን በመካከላቸው አንድ ቀዳዳ ትቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚናገረው ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ነው። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ቀብድ ሰጪው የሰጠውን ትቶ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ የነጋዴውን ቦታ ፈጽሞ ይለውጠዋል። ነጋዴው ለመግዛት አልታሰረም። የገዛው ማሾ ሳይሆን ማሾ የመግዛት መብት ነው፤ ለመብቱም 500 ብር ከፍሏል።

ስለዚህ የቀብዱን ውል በኦፕሽን ቋንቋ እንዲህ ማንበብ ይቻላል። ነጋዴው የኮል ገዢ ነው፤ ገበሬው የኮል ሻጭ ነው። ዛሬ የተከፈለው 500 ብር የመብቱ ዋጋ ነው፤ በሙያው ፕሪሚየም ይሉታል። በቀኑ መከፈል ያለበት 9,500 ብር የውል ዋጋ ነው። ጥቅምት 30 ደግሞ መብቱ የሚያበቃበት ቀን ነው። የውል ዋጋውን 10,000 ሳይሆን 9,500 ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱ ወዲያው ይታያል።

ጥቅምት 30፦ ነጋዴው እንዴት ይወስናል?

ቀኑ ደረሰ። በገበያው አንድ ኩንታል ማሾ 12,000 ብር ያወጣል እንበል። ነጋዴው 9,500 ብር ጨምሮ እህሉን ይረከባል፣ በ12,000 ይሸጠዋል። በዕለቱ 2,500 ብር አገኘ፤ በነሐሴ የከፈለው 500 ሲቀነስ ትርፉ 2,000 ብር ነው።

ገበያው 8,000 ብር ቢሆንስ? ገበያ ላይ በ8,000 የሚያገኘውን እህል በ9,500 የሚገዛበት ምክንያት የለም። መብቱን ይተወዋል። ኪሳራው 500 ብር ነው። ገበያው 6,000 ወይም 4,000 ቢወርድም ኪሳራው ያው 500 ብር ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

አስተማሪው ግን መካከለኛው ሁኔታ ነው። ገበያው 9,700 ብር ላይ ቆመ እንበል። ብዙ ሰው "በ10,000 ተዋውሎ በ9,700 ምን ሊያደርግ ይገዛል? ቀብዱን ትቶ ይሄዳል" ይላል። ይህ ስሌት የተሳሳተ ነው። 500 ብሩ ከኪሱ ወጥቷል፤ ቢገዛም ባይገዛም አይመለስም። ዛሬ በእጁ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ 9,500 ከፍሎ 9,700 የሚያወጣ እህል ይውሰድ ወይስ አይውሰድ? መውሰድ አለበት። 200 ብር ያገኛል፣ አጠቃላይ ኪሳራውም ከ500 ወደ 300 ይቀንሳል። መብቱን ለመጠቀም የሚወሰነው የገበያውን ዋጋ ከውል ዋጋው ጋር በማነጻጸር ነው። ተረፈ ወይስ ከሰረ ለማለት ግን የመብቱ ዋጋ ይጨመራል። ስለዚህ ነጋዴው መብቱን መጠቀም የሚጀምረው ከ9,500 በላይ ሲሆን፣ ማትረፍ የሚጀምረው ከ10,000 በላይ ነው። በሁለቱ መካከል መብቱን እየተጠቀመ ይከስራል። ይህን ክፍተት የተረዳ ሰው የኦፕሽንን ግማሽ ተረድቷል።

አሁን ወደ ገበሬው እንዙር። የኮል ሻጭ ውጤት የገዢው ተገላቢጦሽ ነው። ገዢው 2,000 ሲያገኝ ሻጩ 2,000 ያጣል፤ ገዢው 500 ሲያጣ ሻጩ 500 ያገኛል። የሻጩ ትልቁ ጥቅም የተቀበለው 500 ብር ነው፤ ኪሳራው ግን ገበያው በወጣ ቁጥር አብሮ ይወጣል፣ ጣሪያ የለውም።

የካራቆሬው ገበሬ ማሾው በእጁ ስላለ ጉዳቱ ለስለስ ይላል። ገበያው 12,000 ሲገባ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው የለም፤ እህሉን ያስረክባል፣ በጠቅላላው 10,000 ብር ይገባዋል። ያጣው ሊያገኝ ይችል የነበረውን 2,000 ብር ነው። እህሉ ባይኖረው ኖሮ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ማሾ ለአጨዳ በደረሰ ጊዜ ዝናብ ሲመታው ፍሬው ይበላሻል። ገበሬው ለ10 ኩንታል ቀብድ ተቀብሎ 4 ኩንታል ብቻ ቢያስገባ፣ ለቀሪው 6 ኩንታል በሌለው እህል ላይ መብት የሸጠ ሰው ሆነ ማለት ነው። ችግሩን የሚያከፋው ደግሞ የእሱን ማሳ የመታው ዝናብ የጎረቤቶቹንም ስለሚመታ ነው፤ እህል ሲጎድል ዋጋ ይወጣል። 12,000 ብር እየገዛ በ9,500 ማስረከብ ይኖርበታል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ዕቃው በእጁ ያለ የኮል ሻጭና ዕቃው የሌለው የኮል ሻጭ እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እጥፍ የመመለስ ጉዳይ

የሕጉን አንቀጽ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። ቁጥር 1885 የሚናገረው ስለ ቀብድ ሰጪው ብቻ አይደለም። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀባዩም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ስሌቱንም ይለውጠዋል።

ገበያው 12,000 በሆነበት ቀን ገበሬው ለነጋዴው 1,000 ብር መልሶ እህሉን ገበያ ቢያወጣስ? ከ1,000ው ውስጥ 500ው መጀመሪያም የነጋዴው ነበር፤ ገበሬውን በእርግጥ የሚጎዳው 500 ብር ነው። 12,000 ሸጦ 500 ሲያጣ 11,500 ብር ይቀረዋል። ውሉን ቢያከብር ግን 10,000 ነበር የሚያገኘው። ገንዘቡን ብቻ ከቆጠርን ገበያው ከ10,500 ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ እጥፍ መመለሱ ያዋጣዋል። ነጋዴውም በዚያ ቀን የሚያተርፈው 2,000 ሳይሆን 500 ብር ብቻ ይሆናል፤ ገበያው የቱንም ያህል ቢወጣ ከ500 አያልፍም።

ስለዚህ ሕጉ እንዳስቀመጠው ያለ ቀብድ ንጹሕ ኮል አይደለም፤ ነጋዴው ላይ የትርፍ ጣሪያ የተደረገበት ኮል ነው። ይህን ጣሪያ የማይፈልግ ነጋዴ ውሉ ላይ "ሻጩ እጥፍ መልሶ መውጣት አይችልም" ብሎ ያስጽፋል፤ ሕጉም "ሌላ ስምምነት ከሌለ" ስለሚል ይህን ይፈቅድለታል። ያን ጊዜ ውሉ ዓለም ኮል ከሚለው ጋር አንድ ይሆናል። በገበያ ማዕከላት የሚሸጥ ኦፕሽን የሻጭ መውጫ የለውም። ማዕከሉ ከመብቱ ሻጭ ማስያዣ ይይዛል፤ ዋጋው በሻጩ ላይ ሲዞር "ጨምር" ይለዋል፤ ካልጨመረ ውሉን ራሱ ይዘጋበታል። ከዚህ በኋላ ባለው ስሌት ይህን ዓይነቱን፣ መውጫ የሌለውን ውል እንያዝ።

ገበሬው የሚያስፈልገው ሌላ ነበር

ገበሬው በነሐሴ የፈራው ምን ነበር? ዋጋ መውረዱን ነው። ቀብድ ሲቀበል ከዚህ ፍርሃት የዳነ ይመስለዋል። በእርግጥ ድኗል? ገበያው 8,000 ሲሆን ነጋዴው ይሄዳል፤ ገበሬው እህሉን 8,000 ሸጦ ከ500 ብሩ ጋር 8,500 ይይዛል። 5,000 ሲሆን ደግሞ 5,500 ብቻ ይይዛል። 500 ብሩ ቀጭን ትራስ ነው፤ ከእሱ በታች ወለል የለም። ገበያው ሲወጣ ደግሞ 10,000 ላይ ተይዟል። የላዩን ትርፍ ሰጥቶ የታቹን አደጋ ይዞ ቀርቷል።

የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነበር፤ ዋጋ ሲወርድ "በ9,500 ግዛኝ" የሚልበት፣ ዋጋ ሲወጣ ግን ነጻ የሚሆንበት ውል። ያ ውል ፑት ነው። እዚህ ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ይገለበጣል። ገበሬው 500 ብር አይቀበልም፣ ይከፍላል። የመብቱ ባለቤት እሱ ነው፤ በቀኑ የሚወስነውም እሱ ነው። ለማነጻጸር እንዲመች የውል ዋጋውም የመብቱ ዋጋም እንደ ቀድሞው 9,500 እና 500 ይሁን።

ጥቅምት 30 ገበያው 8,000 ሆነ። ገበሬው መብቱን ይጠቀማል፤ ገበያ ላይ 8,000 የሚያወጣውን እህል በ9,500 ያስረክባል። የከፈለው 500 ሲቀነስ በእጁ 9,000 ብር ይቀራል። ገበያው 5,000 ቢሆን? አሁንም 9,000። 3,000 ቢሆንም 9,000። ወለሉ ይህ ነው። ገበያው 12,000 ቢሆን መብቱን ይተወውና እህሉን በገበያው ዋጋ ይሸጣል፤ 500ው ሲቀነስ 11,500 ያገኛል። ጣሪያ የለበትም።

ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ገበያው 5,000 በሆነበት ዓመት ኮል የሸጠው ገበሬ 5,500፣ ፑት የገዛው ገበሬ 9,000 ብር ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ገበያው 12,000 በሆነበት ዓመት የመጀመሪያው 10,000፣ ሁለተኛው 11,500 ይዘው ይገባሉ። ኮል የሸጠው የሚበልጠው ዋጋው ብዙ ሳይንቀሳቀስ 9,500 አካባቢ ሲቆም ነው። ገበያው ልክ 9,500 ቢሆን እሱ 10,000 ሲይዝ ፑት የገዛው 9,000 ይይዛል። ስለዚህ ኮል የሸጠ ሰው ዋጋ አይናወጥም ብሎ የገመተ ሰው ነው፤ ፑት የገዛ ሰው ከመናወጥ የሚጠብቀውን የገዛ ሰው ነው። የይፋት ማሾ አምራች የሚፈራው መናወጡን ከሆነ፣ በየዓመቱ ቀብድ መቀበሉ ፍርሃቱን አላቃለለለትም።

አራተኛው ሰው ቀርቷል፤ የፑት ሻጩ። እሱ በነሐሴ 500 ብር ተቀብሎ ገበሬው ካለ በ9,500 ለመግዛት ግዴታ ገብቷል። ገበያው ከ9,500 በላይ ከዋለ 500ው የእሱ ነው። 8,000 ከሆነ 8,000 የሚያወጣ እህል በ9,500 ይረከባል፤ 1,500 አጥቶ 500 ስላገኘ ኪሳራው 1,000 ብር ነው። 5,000 ከሆነ ኪሳራው 4,000 ይደርሳል። ከኮል ሻጩ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ዋጋ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ የኪሳራው መጨረሻ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በከፋ ቀን 9,000 ብር ነው። የኮል ሻጩ የከፋ ቀን ግን ቁጥር የለውም።

የትኛውም ውል ሲቀርብልዎ ከአራቱ የትኛው እንደሆኑ ለማወቅ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ዛሬ ገንዘብ የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ የምቀበለው? ከከፈሉ መብቱ የእርስዎ ነው፤ ከተቀበሉ ግዴታው የእርስዎ ነው። ቀጥሎ፣ በቀኑ መብቱን የያዘው ሰው ዕቃ ይወስዳል ወይስ ዕቃ ያስረክባል? ከወሰደ ኮል ነው፣ ካስረከበ ፑት ነው።

ሁለቱን ቢያጣምራቸውስ?

አንድ ገበሬ ከነጋዴው 500 ብር ተቀብሎ ኮል ቢሸጥለት፣ በዚያው 500 ብር ደግሞ ፑት ቢገዛ ምን ያገኛል? ከኪሱ ምንም አላወጣም። ገበያው ከ9,500 በላይ ከሆነ ነጋዴው መጥቶ በ9,500 ይወስድበታል። ከ9,500 በታች ከሆነ እሱ ሄዶ በ9,500 ያስረክባል። ጥቅምት 30 ምንም ይዞ ቢመጣ ገበሬው 9,500 ብር ያገኛል። ይህ ከባለፈው ምዕራፍ የወደፊት ውል ጋር አንድ ነው። ያኔ እንደ አንድ ድንጋይ ያየነው ውል ከሁለት ግማሾች የተሠራ ነበር ማለት ነው፤ የላዩን ትርፍ የሚሰጥ ግማሽና የታቹን ኪሳራ የሚያግድ ግማሽ። ቀብድ የተቀበለው ገበሬ የያዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

የመሸጥ መብትን ማን ይሸጣል?

ካራቆሬ ላይ ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ አይጠፋም። ለ500 ብር ብሎ "ዋጋ ቢወድቅ በ9,500 እገዛሃለሁ" የሚል ግን የለም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማሾንም ያገበያያል፤ ግብይቱ ግን በመጋዘን የገባ እህል ወዲያው የሚሸጥበትና የሚከፈልበት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም የመነሻ ሥራው አክሲዮንና የዕዳ ሰነድ ነው። ፑት ሻጭ እንዲኖር ትልቅ ኪሳራ መሸከም የሚችል ካፒታልና ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት አንድ የቀኑ ዋጋ ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ከሌለ ሻጩ በከፋ ቀን ይጠፋል፤ ሁለተኛው ከሌለ መብቱ ስንት እንዳወጣ ሲጨቃጨቁ ቀኑ ያልፋል።

የመግዛት መብት በአፍሪካ መንግሥት እጅ የገባበት ምሳሌ ማላዊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 እህል ሲያጥር 60,000 ቶን ነጭ በቆሎ ከደቡብ አፍሪካ በተወሰነ ጣሪያ ዋጋ የመግዛት መብት ገዛች፤ ዋጋው ወጣ፣ መብቱንም ተጠቀመችበት።

በአገራችን ደግሞ ለፑት የቀረበ ውል በእህል ዋጋ ሳይሆን በዝናብ ላይ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ተዋዋለ። በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ከተለካው ዝናብ አንድ መለኪያ ተቀመረ፤ ዝናቡ ከተወሰነው ደረጃ በታች ቢወርድ ገንዘብ ይከፈል ነበር። ከዋጋ ይልቅ ዝናብ ይቆጠርበት እንጂ አሠራሩ የፑት ነው፤ የሚለካው ነገር ከወለሉ ሲወርድ ለገዢው ይከፈላል። ሁለቱም የሚያምኑት መለኪያም ነበረው። ለመብቱ 930,000 ዶላር ተከፈለ፤ ሊከፈል የሚችለው ትልቁ ገንዘብ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደህና ሆነና መብቱ ሳይሠራበት አበቃ። ገዢው ያጣው 930,000 ዶላር፣ ፑት የገዛው ገበሬ ገበያው 12,000 በገባ ጊዜ እንዳጣው 500 ብር ያለ ነው፤ የተፈራው ባለመድረሱ የቀረ ገንዘብ። ሻጩ ያገኘው ትልቁ ትርፍም ያው 930,000 ዶላር ነበር። ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ኖሮ ያንኑ ገንዘብ ይዞ 7.1 ሚሊዮን ያወጣ ነበር፤ የተጣራ ኪሳራው 6,170,000 ዶላር። ይህን ያህል ሊያጣ የሚችል ሻጭ ለምን 930,000 ብቻ እንደጠየቀ፣ ማለትም የመብቱ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ እንመለከታለን።